በጋሼ ጡሩምባ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ

የመድን ቢሮው ሠራተኛ ደረሰኙን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ሦስተኛ ጊዜ አነበበው፤ በመጨረሻም በመስኮቱ ሥር መልሶ ገፋልኝ።

«ጋሼ ጡሩምባ ማነው?» አለኝ።

«አባቴ ነው» አልኩት።

ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ግን የሚስቅ ዓይነት አልነበረም። ጣቱን በየወረቀቱ ላይ እያሳረፈ አስረዳኝ። አባቴ ከሰፈራችን ሆስፒታል ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተላከበት የሪፈር ወረቀት ደህና ነው፤ የሐኪም ፊርማና ማኅተም አለው፣ የተላከውም የዳሌ አጥንት ቀዶ ጥገና እዚህ ስለማይሰጥ መሆኑን ይናገራል። በትልቁ ሆስፒታል የተኛበትና የወጣበት ወረቀት አለ። የመታወቂያውና የመድን ካርዱ ኮፒ አለ። ድንገተኛ ሲሆን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ለቢሮው ማሳወቅ ግድ ነው፤ እኔም በማግስቱ ደውዬ የተሰጠኝን ቁጥር ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ። የጎደለው የአምቡላንሱ ነገር ነው። ደረሰኙ የታካሚውን ሙሉ ስም መያዝ አለበት፤ መኪናው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያሳየው የጉዞ ወረቀት ኮፒም መያያዝ አለበት። በሌላ ሰው ስም የተቆረጠ ደረሰኝ አይከፈልም። ማመልከቻ የሚቀበሉት ታካሚው ከወጣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል።

ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ በሠራተኛው ሳይሆን በአባዬና በጓደኞቹ። ሐኪሙ አባዬ ተመልሶ በእግሩ እንዲሄድ የሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ አዞለታል። መድናችን ፊዚዮቴራፒ አይሸፍንም። ለእሱ ይሆን የነበረውን ገንዘብ ለመቶ አርባ ኪሎ ሜትር መንገድና አብራ ለሄደችው ነርስ ከፍለነዋል። ያ ካልተመለሰ አባዬ ከአልጋው ወደ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ አልጋ እያለ ሊቀር ነው።

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አምቡላንስ ነድቷል። ስሙ የወጣለት እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ መሀል ገበያ ላይ የመኪናው ሳይረን ጸጥ አለበት። ምን ያድርግ? አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ራሱ እየጮኸ ሄደ። ሰው መንገድ የለቀቀለት አምቡላንስ መሆኑ ገብቶት ይሁን ያበደ መስሎት አይታወቅም። ሴትየዋ እየሣቀች ወለደች ይባላል፤ ይህን የጨመረበት ራሱ አባዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአምቡላንሶቹ ጋራዥ ጡሩምባ ሆነ፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ጋሼ ጡሩምባ።

ከአምስት ሳምንት በፊት አባዬ ቆርቆሮ ሊመታ ጣራ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ሆስፒታላችን አምቡላንስ ሲጠራለት የመጣው ሾፌር አባዬ መንዳት ያስተማረው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ልጅ እላለሁ እንጂ የሦስት ልጆች አባት ነው። ቃሬዛው ላይ ማን እንደተኛ ሲያይ ጋሼ ብሎ ጮኸ። በጉዞ ወረቀቱ ላይ የታካሚ ስም በሚለው ቦታ የሚያውቀውን ስም ጻፈ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ከዚያ ላይ ገልብጦ ደረሰኝ ቆረጠ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተው አንዳቸውም የአባዬን የመዝገብ ስም አያውቁም ማለት ነው።

ከመድን ቢሮው በተመለስኩ ማግስት ጋራዡ ሄድኩ። ከገባሁ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ እዚያ ታስቀምጠኝ ነበር። ቆመው በሚታጠቡት መኪኖች ውስጥ ቃሬዛ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ወለሉ የበረኪናና የቤንዚን ሽታ አለው፤ ከቢሮው ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። አባዬ ከመንገድ ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነበር የሚያቅፈኝ። ቀኑ ጥሩ ከሆነ «በሰዓቱ ደርሰናል» ይላል። ካልሆነ ምንም አይልም፤ እኔም አልጠይቅም። ዛሬ ሬዲዮው በስልክ ተተክቷል፣ የስምሪት ክፍሉም ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። የቁልፍ መስቀያው ጣውላ ግን አለ። ከአራተኛው ምስማር ሥር የአባዬ መኪና ቁጥር በእሱ እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ነው። ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የስምሪት ኃላፊዋ ያቺው የጥንቷ ናት። ያኔ እትዬ እላት ነበር፤ አሁንም እትዬ አልኳት። ጉዳዩን ስነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሣቀች፤ ወዲያው ደነገጠች። ደረሰኙን ቀዶ ሌላ መቁረጥ እንደማይቻል ነገረችኝ፤ የወሩ ሂሳብ ተዘግቷል፣ በደረሰኝ ላይ መሰረዝና መደለዝም ክልክል ነው። የሚቻለው የደረሰኙን ቁጥር ጠቅሶ የማረሚያ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ግን ማኅተሙን የያዘው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እሱ ደግሞ አባዬን አያውቀውም።

ሥራ አስኪያጁ ደግ ወጣት ነው፤ ግን ማስረጃ ጠየቀ። ተቋሙ በእኔ ቃል ብቻ እንትና የተባለው እንትና ነው ብሎ ቢጽፍ ነገ ማንም መጥቶ እንዲሁ ሊያስጽፍ ነው አለ። እውነቱን ነው።

ያኔ ነው እትዬ ተነሥታ የጉዞ ወረቀቶቹን ጥራዝ ያወጣችው። የጉዞ ወረቀት ሁለት ቅጠል አለው፤ ነጩ ለሂሳብ ክፍል ይሄዳል፣ ሮዙ ከእነሱ ዘንድ ይቀራል። ሮዙን ገልጣ ከታች፣ ነጩ ላይ የሌለውን ቦታ በጣቷ አሳየችን። ታካሚውን የተረከበው ሆስፒታል የሚሞላው ነው፤ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የተረካቢ ነርስ ፊርማ። እዚያ የአባዬ ስም እስከ አያቱ ድረስ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር።

«ይኼን ቦታ ማንም አያስሞላውም እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አባዬ ነው ያስሞላው። ቀኑ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን በሐፍረት መሬት ልገባ ደርሼ ነበር። መንገዱን ሙሉ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ ሾፌሩን ኪሎ ሜትሩን ጻፍክ ወይ እያለ ሲጠይቀው ነበር። ትልቁ ሆስፒታል ደርሰን ወደ አልጋ ከተዛወረ በኋላ የተረከበችው ነርስ ልትሄድ ስትል የወረቀቱን ጫፍ ይዞ አልለቅም አላት። ዳሌው ተሰብሮ፣ ላቡ እየወረደ፣ ሳይፈርሙ መሄድ የለም ይላል። እኔ አባዬ ተው እያልኩ እለምናለሁ። ነርሷ እየሣቀች ከሪፈር ወረቀቱ ላይ ስሙን ገልብጣ ፈረመችለት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው፤ ያደረሰውን ሰው ሳያስፈርም ንቅንቅ አይልም ነበር።

እትዬ ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው። የደረሰኙን ቁጥርና ቀን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የሁለቱን ሆስፒታሎች ስም አሰፈረች፤ ደረሰኙ ላይ የተጠቀሰው ግለሰብና በጉዞ ወረቀቱ ተረካቢ ክፍል የሰፈረው ታካሚ አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋገጠች። ከዚያ አንድ አንቀጽ ጨመረች። ሥራ አስኪያጁ ይኼ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቃት። ስሙ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ማስረዳት አለብን አለችው ፊቷን ሳታዞር። ፈረመና ማኅተሙን መታበት። የሮዙም ወረቀት ኮፒ ማኅተም ተመቶበት ተያያዘ።

ቤት ስደርስ አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ከላይ ያለውን ቶሎ ቶሎ አለፈው፤ የተጨመረውን አንቀጽ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ታካሚው በድርጅታችን ለሠላሳ አንድ ዓመት በአምቡላንስ ሾፌርነት ያለ አንዳች አደጋ ያገለገሉ፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ እስከ ዛሬ ጋሼ ጡሩምባ በሚል የፍቅር ስም የሚጠሩ ናቸው ይላል።

አባዬ ጡረታ የወጣ ዕለት ተረኛ ነበር። ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅሎ በታክሲ ወደ ቤቱ መጣ። የምስጋና ወረቀት ይጻፍልሃል ብለውት ነበር፤ ከዚያ ኃላፊው ተቀየረና ነገሩ ተረሳ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም።

«ይኼ ለኔ አይቀርም?» አለኝ።

ዋናውን እንደሚፈልጉ ነገርኩት። መድኑም ገንዘቡም ገደል ይግባ፣ ያዘው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ዋናውን ስጪያቸው። እኔ ኮፒው ይበቃኛል። ግን ኮፒው ላይ ተረክቤያለሁ ብሎ ይፈርምልሽ። ሰዓቱንም ይጻፍ።»

በማግስቱ ጠዋት የመድን ቢሮው ሠራተኛ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበ። ሁሉንም ወረቀት በቅደም ተከተል አስተካክሎ አያያዘና የማመልከቻ ቁጥር ሰጠኝ። ኮፒው ላይ እንዲፈርምልኝ ስጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ፈረመ ግን። ሰዓቱንስ አልኩት። የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ጻፈልኝ። ገንዘቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገባ፤ ሁሉም አይደለም፣ ውላችን እንደሚለው ከመቶ ሰማንያው ነው። ፊዚዮቴራፒውን ለማስጀመር በቃ።

የማልረሳው ግን ያን ቀን ነው። ከመድን ቢሮው ተመልሼ ኮፒውን ሰጠሁት። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ፊርማውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ቀኑን አየ። አራት ሰዓት ከሃያ የሚለው ላይ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«በሰዓቱ ደርሰሻል» አለኝ።