እስከ ፋሲካ በነጻ

መጀመሪያ የተሰማው የመቀስ ድምፅ ነበር። ክርች፣ ክርች። ፍሥሐ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከአልጋው ሳይነሣ ጆሮውን ጣል አደረገ። መቀሱ የእሱ ነው፤ ያንን ድምፅ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያወጣው የኖረው ራሱ ነው። ጨርቁ ግን ሱፍ አይደለም፣ ቴትሮንም አይደለም፤ ቀጭንና አንሸራታች ነገር ነው። መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርግ እትዬ ወለተ ኪዳን ወርቅማ ሳቲን ዘርግተው ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«ተነሣህ?» አሉት ሳይዞሩ። «አሥር ዓመታችን አይደል ዛሬ? ከበሩ ላይ ልሰቅለው ነው።»

«እንኳን አደረሰዎት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን በል እንጂ። እኔ ብቻዬን ነው የቆየሁት?»

ፍሥሐ ሸሚዙን እየቆለፈ በጣቱ ቀን ቆጠረ። ሐሙስ ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር መገኘት አለበት። የትምህርት ቤት ጓደኛው እንዳላማው እዚያ ሱቅ ተከራይቷል፤ ሁለት የስፌት መኪና ገዝቶ አንዱን ለእሱ አስቀምጧል፣ ትርፉንም እኩል ሊካፈሉ ተነጋግረዋል። «ከሰኞ ካለፍክ ሌላ ሰው አስገባለሁ፣ ወንድሜ አትቀየመኝ» ብሎታል። ይህንን ለእትዬ ለመንገር ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ተነሥቷል፤ በየማታውም ሳይነግራቸው ተኝቷል።

እንዴትስ ይንገራቸው? በትውልድ አገሩ በአምበር አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ውጤቱ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ እጁን አጣጥፎ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ሱቃቸውን ከከፈቱ ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። መርፌ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ታይፎይድ ሲጥለው ሦስት ሳምንት አጥሚት ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጥተውታል። ክፍሏ መስኮት የላትም። ሲገባባት ሃያ ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሞልቶታል። ተጋድሞ ጣራውን እያየ በሐሳቡ የጣና ዳር መንገድ ላይ ሲሄድ የኖረው ግን እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሳቸው ጨርቅ ይገዛሉ፣ እንግዳ ያነጋግራሉ፤ የሚለካውም፣ የሚቆርጠውም፣ የሚሰፋውም እሱ ብቻ ነው።

ሳቲኑ ተሰቅሎ ሳያልቅ መቅደላዊት ደረሰች። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከአስፋልቱ ማዶ ኮስሞቲክስ ቤት ትሠራለች፣ የሱቁን የፌስቡክ ገጽም የከፈተችው እሷ ናት።

«በል ሜትርህን አንገትህ ላይ አድርግና በሩ ላይ ቁም» አለችው። «ፎቶው የእኔ፣ ጽሑፉ ያንተ።»

«እትዬ ይቁሙ እንጂ፤ የሱቁ ባለቤት እሳቸው ናቸው።»

«እኔን ማን ያውቀኛል?» አሉ እትዬ። «ሰው የሚያውቀው አንተን ነው። ቁም።»

ቆመ። መቅደላዊት አራት ጊዜ አነሣችው። «ፈገግ በል እንጂ፣ ለመታወቂያ አስመሰልከው እኮ።»

ከዚያ ጽሑፉ መጣ። ፍሥሐ በርጩማው ላይ ተቀምጦ በስልኩ መጻፍ ጀመረ። የጊዜን መሮጥ፣ የክርን መቅጠን፣ የሰውን ልብ ስፋት እያያያዘ ግማሽ ገጽ ሞላ። መጻፍ ይወዳል፤ በጻፈ ቁጥር ከዚያ ቦታ የወጣ ይመስለዋል። መቅደላዊት ከትከሻው በላይ አንብባ ሳቀች።

«አንተ፣ ይሄ ልብስ ስፌት ነው ወይስ ስብከት? ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚታየው ሁለት ሦስት መስመር ነው፤ የቀረው ‹ተጨማሪ ይመልከቱ› ውስጥ ይገባል፣ ማን ይጫነዋል? ምስጋናው ይቅደም። ቀጥሎ ስጦታው። ቀጥሎ እስከ መቼ እንደሆነ። መጨረሻ ላይ ቦታውና ስልኩ። በቃ።»

«ስጦታው ምንድን ነው?» አለ ፍሥሐ።

«አሥር ዓመት፣ አሥር በመቶ ቅናሽ። ያምራል።»

«ለማን ነው የሚያምረው?» አሉ እትዬ። «በዛሬ የጨርቅ ዋጋ አሥር በመቶ ከቀነስኩ ለእኔ የሚተርፈኝ ካርቶኑ ነው። የማይከብደንን እንስጥ።» ወደ ፍሥሐ ዞረው ትንሽ አሰቡ። «ስፌቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ትተዋለህ አይደል?»

ይተዋል። ሌላው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ጠርዙ ድረስ ሲሰፋ፣ ፍሥሐ በጎንና በጎን ሁለት ጣት ያህል በውስጥ አጥፎ ያስቀምጣል። ገበሬ አንድ ኮት አሰፍቶ ሃያ ዓመት ሊለብሰው ነው፤ በመሃል ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ሙሽራ ትወልዳለች። ማንም እንዲያደርገው አላዘዘውም። ከራሱ ያመጣው ደግነት ነው።

«እንግዲያው እኛ ጋ የተሰፋ ልብስ የጠበበው ሁሉ ያምጣ፣ በነጻ እናስፋለት» አሉ እትዬ። «ጨርቁ እዚያው ውስጡ አለ፤ ከእኛ የሚወጣው ክርና እጅ ነው።»

መቅደላዊት እጇን አጨበጨበች። «እማዬ፣ አንቺን ነው የገባሽ። ይሄን ሌላ ቤት ቢፈልግም አይችለውም። ጻፍ፣ ፍሥሐ።»

ጻፈ። አንገቱ ላይ ያለው ሜትር እየከበደው ቢመጣም ጻፈ። «እስከ መቼ» የምትለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቶሎ ብሎ «እስከ እሑድ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ጥሩ ነው» አለች መቅደላዊት። «ቀኑ ካላጠረ ሰው ነገ ነገ ይላል፣ ከዚያ ይረሳዋል።»

«ልክ ነው። ቀኑ ማጠር አለበት» አለ ፍሥሐ።

«በአራት ቀን?» እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከጉንደ ወይን የሚመጣውስ? ከአማኑኤል? ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ሰምቶ፣ ኮቱን ከሣጥን አውጥቶ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው የሚያመጣው። ለታይታ ከሆነ ይቅር። ዓመቱን ሙሉ በለው።»

«ዓመት አይሆንም፣ እማዬ፤ ስጦታነቱ ይጠፋል።»

«እንግዲያስ እስከ ፋሲካ። ሰው ልብሱን የሚያየው ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው።»

ጥቅምት ገና አጋማሹ ላይ ነው። ፍሥሐ ወሮቹን አንድ በአንድ አለፈባቸው፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ከሚያዝያም ገሚሱ። አፉን ከፈተ።

«እትዬ፣ ሰኞ…»

«ሰኞ ምን?»

ሁለቱም አዩት። እትዬ እጃቸው ላይ የተረፈ የሳቲን ቁራጭ አለ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ደስ ብሎታል።

«ሰኞ ሰው አይበዛም ልል ነው» አለ።

«ሞኝ፣ ሰኞን ማን አነሣው?» አለች መቅደላዊት። «ይልቅ ‹በሰፋው በራሱ እጅ› በልበት። ሰው የሚመጣው እሱን አይቶ ነው።»

«ስሙንም ይጨምርበት» አሉ እትዬ። «ፍሥሐ ይባል። ይገባዋል።»

የገዛ ስሙን በገዛ ጣቱ ጻፈ። ሲያልቅ እንዲህ ይል ነበር፦

«አሥር ዓመት ላለበስናችሁ ደንበኞቻችን ሁሉ፦ እናመሰግናለን! ለምስጋናችን መታሰቢያ በኪዳን ልብስ ስፌት የተሰፋ ማንኛውም ልብስ ጠብቦዎት ከሆነ ይዘው ይምጡ፤ በሰፋው በራሱ በፍሥሐ እጅ አንድ ጊዜ በነጻ እናሰፋለን። እስከ ፋሲካ ብቻ። አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ አለ።

መቅደላዊት ፎቶውን አያይዛ ስልኩን መለሰችለት። «በል ልቀቀው፤ ኔትወርኩ ሳይጠፋ።»

ለቀቀው። ክቧ ምልክት ትንሽ ዞረችና ቆመች። ወጥቷል።

እስከ ምሳ ሰዓት ከስልሳ በላይ ሰው ወደደው። ከሥሩም ሰው ጻፈ። «ፍሥሐ እኮ ሰው ነው፣ የሠርጌን ሱሪ የሰፋልኝ» አለ አንዱ። «እድሜ ለፍሥሐ፣ ሦስቱንም ልጆቼን ያለበሰ» አለች ሌላዋ። እትዬ ጽሑፉን ማየት ስለማይችሉ እያስነበቡት ይሰማሉ፤ አንዳንዱን ድገመው ይሉታል። እሱም ይደግመዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንዳላማው መልእክት ገባ፦ «አየሁት። እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ግን እስከ ፋሲካ አልጠብቅም።» ይህንን አላነበበላቸውም። «እስከ ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ጻፈና ሳይልከው ረጅም ሰዓት ይዞት ተቀመጠ። በመጨረሻ ላከው።

ቅዳሜ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሰው ልብስ አምጥቶ ነበር። ሰባተኛው አያ ገዳሙ ናቸው፤ የአምበር ሰው፣ የፍሥሐ አባት የማኅበር ጓደኛ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ጥቁር ኮት በፌስታል ይዘዋል።

«ልጄ በስልክ አነበበልኝ» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን አጠገብ እየተቀመጡ። «‹ፍሥሐ በነጻ ያሰፋል› ቢለኝ፣ የሰው ሆድ ነው የሚያሰፋው ወይስ ኮቱን አልኩት።»

«ሆድዎን ማን አሰፋብዎ?» አሉ እትዬ እየሳቁ።

«የሚስቴ እጅ ነው። ኮቱን ያሰፉልኛል እንጂ ሆዴን በነጻ አይቀንሱልኝም መቼስ።»

ፍሥሐ አስለበሳቸው። ከፊት አልገጥም አለ፤ ክፍተቱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የጎኑን ስፌት በምላጭ ከፍቶ ውስጡን ገለጠ። ሁለት ጣት ጨርቅ፣ ፀሐይ ያልነካው፣ እንደተሰፋ ቀን የጠቆረ። በመርፌ ቁልፍ እየያዘ ወደ ውጭ ለቀቀው።

«ክንድዎን ከፍ ያድርጉ፣ አያ። እንደዚህ ይቆዩ።»

«እቆያለሁ፤ የት እሄዳለሁ?» አሉ አያ ገዳሙ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው። «ቀበሌው ሁሉ ሊመጣልህ ነው። ወንድሞቼ፣ አማቼ፣ ቄሱም ጭምር። አንድ በአንድ እየመጣን እስከ ፋሲካ ትጨርሰናለህ። አባትህ ሲሰማ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ልጄ ሥር ሰደደ አለ።»

ፍሥሐ እጁ ላይ ያለችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሊሰካ ሲል ጣቱን ወጋችው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፣ አወጣው። ከዚያ፣ ወደ ማንም ሳያይ፣ ለኮቱ የሚነግረው ይመስል፦

«እትዬ፣ እኔ ሰኞ ባሕር ዳር ልሄድ ነው።»

«ምን ልታመጣ?» አሉ እትዬ።

«ልቀር ነው። እንዳላማው ሱቅ ከፍቷል። እኩል ልንሠራ ተነጋግረናል። ከሐሙስ በፊት ልነግርዎ ነበር። ሐሙስም ልነግርዎ ነበር።»

አያ ገዳሙ ክንዳቸው እንደተዘረጋ አንዴ እሱን አንዴ እትዬን አዩ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። እትዬ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን የደንበኛ ቀሚስ ቀስ ብለው አጠፉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እጥፍ።

«ያንን ጽሑፍ አንብብልኝ።»

ስልኩን አወጣና አነበበላቸው። «በሰፋው በራሱ በፍሥሐ እጅ» የሚለው ላይ ድምፁ ጠፍቶበት እንደገና ጀመረው። እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ ጨረሰው።

«ይጠፋል?» አሉት።

«ይጠፋል። ማስተካከልም ይቻላል። ስሜ ወጥቶ፣ ቀኑ አጥሮ…»

«ያነበበው ሰውስ?»

በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ልብስ በጨርቅ ጠቅልለው «እዚህ ነው በነጻ የሚሰፋው?» እያሉ አንገታቸውን አስገቡ። አያ ገዳሙ በቀስታ «ክንዴን ላውርድ?» አሉ፤ «ይቆዩ፣ መርፌ አለበት» አላቸው ፍሥሐ።

እትዬ ወለተ ኪዳን ተነሡ። ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሡና ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ለመጣው ሰው አንተው ንገረው» አሉ። ቅዳሜ ቀን፣ በገበያ ሰዓት፣ እንግዳ ሞልቶ ከሱቁ ወጥተው አያውቁም። በሁለቱ ሴቶች መሃል አለፉ። ፍሥሐ ተከትሏቸው ሊወጣ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የኮቱ ጨርቅ ግን በእጁ ነበረ፣ አያ ገዳሙም አብረው ተሳቡ። ቆመ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

ቤታቸው ወደ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ወደ ላይ ነው። እሳቸው ወደ ታች ታጠፉና፣ አንድም ጊዜ ዞር ሳይሉ፣ ከገበያው ሰው ጋር ተቀላቅለው ሄዱ።