እትዬ ኮምጣጤና ባዶ እጇን የመጣችው ልጅ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ፊት ለፊቷ «እትዬ» ትባላለች፤ ዞር ስትል «እትዬ ኮምጣጤ»። ታውቀዋለች። ኮምጣጤ እድፍ ያስለቅቃል፣ ማር ዝንብ ከመሰብሰብ ሌላ ምን ይሠራል እያለች በሆዷ ትኮራበታለች።

አንድ ጠዋት ከመተኮሻው አጠገብ ቆማ አንሶላ ስታገላብጥ ቀጭኗ በበሩ ብቅ አለች። ቀጭኗ ዓመታት ከእሷ ሥር ሠርታ፣ እናቷ ሲታመሙባት ለማስታመም ሥራ ለቃ የሄደች ልጅ ናት። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። እትዬ መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው። ፌስታል የለ፣ ስጦታ የለ፤ አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሞልቶ ሊሄድ ነው አለች በልቧ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እስካሁን ደህና ነበርኩ። ምን ፈለግሽ?»

ቀጭኗ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሥራ ላይ ነዎት፣ ቶሎ ተናግሬ ልሂድ። አዲሱ የአጥንት ክሊኒክ ለልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ይፈልጋል። አመልክቼ አሁን ለመጨረሻው ከቀሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ነኝ። ከቀድሞ አለቃሽ የምስክርነት ደብዳቤ አምጪ አሉኝ።»

እትዬ ፊቷን እንደ ሱቅ መዝጊያ ዘጋችው። ምክንያት አላት። ከዚህ ቀደም አንድ አፈ ጮሌ አጣቢ «እርስዎ አይድከሙ፣ እኔው አስጽፌዋለሁ፣ ይፈርሙ ብቻ» ብሎ የተዘጋጀ ደብዳቤ አመጣላት። ሥራ በዝቶባት ሳታነብ ፈረመች። በኋላ የቀጠሩት ሰዎች ደውለው «ምክትልዎ ሳለ ስንት ሠራተኛ ያስተዳድር ነበር?» ሲሏት ነው ደብዳቤው ያን ከበረኪና ጀሪካን በቀር ምንም አስተዳድሮ የማያውቅ ሰው ምክትሏ እንዳደረገው ያወቀችው! ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የሚባል ነገር እርም ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ፈርሚ ልትይኝ ነዋ።»

«ኧረ የለም። የተጻፈ ደብዳቤ አላመጣሁም። የሥራ ልምዱን የሰው ኃይል ክፍሉ ሰጥቶኛል፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሁ እሱ ይናገራል። ከእርስዎ የሚፈልጉት አሠራሬን ነው። በራስዎ ስም ይሁን፣ የሆስፒታሉ ማኅተም አያስፈልግም ብለዋል፤ ጠይቄያለሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። እስከ መጪው ዓርብ ነው። መጻፍ ካልተመቸዎትም ደውለው ይጠይቁዎታል።» ወረቀቱን መደርደሪያው ጫፍ ላይ አኖረችው። «ለማን እንደሚላክ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እርስዎ ፊት የሠራኋቸውን አንዳንድ ነገሮች ለማስታወሻ ያህል ጽፌበታለሁ። አላየሁም የሚሉትን ይሰርዙት። ባይሆንልዎም እምቢ ይበሉኝ፤ ሌላ ሰው የምጠይቅበት ጊዜ አለኝ፤ አልቀየምም። ነገ ከሰዓት ልደውል?»

«ደውይ» አለች እትዬ፣ ሳታስበው። ልጅቷ ስትወጣ በራሷ ተናደደች።

እምቢ በይኝ ብሎ የሚለምን ለማኝ የት አገር ታየ? ሰው ሲለምን ያለቅሳል፣ ይምላል፣ በእናቱ ሞት ይለምናል። ይቺ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ «ከፈለግሽ ግቢ» ትላለች። እንዲህ ከተከፈተ በር ጀርባ አንድ ነገር ቆሟል።

ወረቀቱን ለምክትሏ አሳየቻት። ምክትሏ ክፉ የማትናገር፣ አላፊ አግዳሚውን «የኔ ቆንጆ» የምትል ሴት ናት።

«ውይ የኔ ቆንጆ! ለኔ ብትነግረኝ ዛሬውኑ እጽፍላት ነበር።»

«እኮ! ለምን አልነገረችሽም?»

የእትዬ ጥርጣሬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ከገንፎም ስንጥር አይጠፋም ብላ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን መስመር በመስመር ፈተሸችው። የየክፍሉን ጋሪ በቀለም መለየቷ፤ ልክ ነው። ሁለት አዳዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኗ፤ ልክ ነው። የቀዶ ጥገና ልብስ ስትረከብ ኪስ ሁሉ መፈተሿ፣ አንዴም መቀስ ማግኘቷ፤ እሱም ልክ ነው። ልክ ልክ ልክ ሲበዛ ደግሞ ያስፈራል። ድንገት ጠረጴዛውን መታች።

«አገኘሁሽ! የደሙ አንሶላ የታለ?»

ደም የነካው አንሶላ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀለቀው። ሙቅ ካገኘው ደሙ ክሩ ውስጥ ይበስልና ወዲያ በረኪናም ጸሎትም አያስለቅቀውም። ቀጭኗ በመጀመሪያ ወሯ አንድ ማሽን ሙሉ አንሶላ በሙቅ ቀቅላ ቡናማ አድርጋዋለች። ወረቀቱ ላይ የለም።

በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ እትዬ እንደ ድመት አድብታ ነበር።

«ወረቀትሽ ላይ የጎደለ አለ።»

«ምን ጎደለ እትዬ?»

«የቀቀልሽው አንሶላ!»

«እሱን ማስታወስ አያስፈልግዎትም ብዬ ነው። እርስዎ መቼ ይረሱታል?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ይጻፉት። ማን እንደነገረዎትም አብረው ይጻፉ።»

እትዬ ትዝ አላት። ልጅቷ ያን ቀን፣ ማሽኑን ከእሷ ሌላ ማንም ሳይከፍተው፣ እጇ እንደራሰ መጥታ «እትዬ፣ አበላሽቻለሁ» ብላ ነበር። በዚያ ክፍል እንዲያ ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። ሌላው ሁሉ «ማሽኑ ነው» ነው የሚለው።

«ለምን ምክትሌን አልጠየቅሽም?» አለች ድምፅዋን ሻካራ አድርጋ።

«እሷማ ለሁሉም ትጽፋለች። ድመት ሥራ ብትለቅ ለድመትም ትጽፋለች። እሷ ከመጣች በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ብንሠራም፣ የምንገናኘው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ሥራዬን ያዩት እርስዎ ነዎት፤ ሲያመሰግኑ ደግሞ ሰምቼዎት አላውቅም።»

«ይኸው፣ ማሩ መጣ!»

«ኧረ እትዬ፣ ማር አይደለም፤ ስሞታ ነው።»

እትዬ ሳቅ አመለጣት፤ በሳል ሸፈነችው። «እስከ ዓርብ ነው ያልሽው? እጽፋለሁ። የማውቀውን ብቻ!»

በገዛ እጇ ጻፈችው። «አራት ዓመት ከሥሬ ሠርታለች። በየቀኑ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ላይ አንድ ማሽን አንሶላ አበላሽታ፣ ማንም ሳያውቅባት ራሷ ነገረችኝ። አልደገመችውም። እንዲያውም አዳዲሶቹን ስታሠለጥን መጀመሪያ የምትነግራቸው ያንኑ ጥፋቷን ነበር። ጋሪዎቹን በቀለም የለየችው እሷ ናት፤ ዛሬም እንደዚያው ነን። በሥራ ሰዓት ስልክ ታወራ ነበር፤ የእናቷን መድኃኒት ነበር የምትጠይቀው።» ስሟንና ስልኳን ጽፋ፣ ሁለቴ አንብባ ላከችው።

ክሊኒኩ ደወለ። እትዬ መጀመሪያ ደዋዩን መረመረችው፤ ማን ነህ፣ ከየትኛው ክፍል፣ በቢሮ ስልክ ለምን አልደወልክም። ሰውዬው ችሎ መለሰላትና አንድ ነገር ጠየቃት።

«ክፍት ቦታ ቢኖርዎት መልሰው ይቀጥሯታል?»

እትዬ በመተኮሻው የተሰለፉትን ሠራተኞች አየች። የቀጭኗ ቦታ ላይ የቆመው ሠራተኛ አንሶላውን አጣሞ ያጥፋል።

«እንዲያውም አትውሰዷት» አለች። «ለኔ ተዉልኝ።»

ከሰነበተ በኋላ ቀጭኗ ደወለች። «እትዬ፣ ተቀጠርኩ!»

«አሁን ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። ላመሰግንዎትና ውጤቱን ልነግርዎት ነው። ደህና ይዋሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ስልኩን አገላብጣ አየችው፤ እንደ አንሶላ።

«ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ፈልጋለች» አለች ለምክትሏ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «ይኸው፣ መጣች» ትል ነበር። አልመጣችም። እትዬ ኮምጣጤም እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው፤ ቢጠይቋት ግን «አልጠብቅም» ትላለች።