ቡናው ሲንጣጣ

እኛ ቤት ቡና የምትቆላው ባለቤቴ ናት፤ ከተጋባንበት ሰሞን ጀምሮ። የተፈጨ ቡና በእሽግ ገዝቶ መግባት ስድብ ነው የሚባለው። እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ስሞርድ ውዬ የምገባ ሰው ስለሆንኩ በቤቴ ጉዳይ ብዙ አልከራከርም። ብከራከርም የሚሰማኝ የለም። ባለቤቴን «አዛዧ» እላታለሁ፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች።

ጥሬውን ቡና ትሪ ላይ ዘርግታ መጀመሪያ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውንና የጠቆረውን ትለቅማለች። ከዚያ ደቃቁን ከትልልቁ ትለያለች። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት «ደቃቁ ቶሎ ያርራል፤ ትልቁ ግን ገና ሆዱ ጥሬ ነው። ሁለቱን አብረህ ብትቆላ የምትጠጣው ጠብ ነው» ትለኛለች። ሁለቱን ለየብቻ፣ በብረት መጥበሻ፣ መጥበሻው ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ እስኪሆን ጨምራ፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጋ ትቆላለች። የእንጨት ማንኪያዋ አያርፍም። ዓይኗ ግን ቡናው ላይ አይደለም፤ መስኮት መስኮት ታያለች። የምትቆላው በአፍንጫዋ ነው። «ሳር ሳር አለ» ትላለች፤ ቆይታ «አሁን ዳቦ ሆነ» ትላለች፤ ከዚያ ዝም ትልና ድንገት መጥበሻውን አንስታ ሰፊ ትሪ ላይ ትገለብጠዋለች። እዚያው መጥበሻው ላይ ከተተወ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላላ። በካርቶን እያራገበች ገለባውን በመስኮት ታስወጣለች፤ ሲበርድ ጠርሙስ ውስጥ ይገባና እስከ ማግስቱ ያርፋል። ከዚያ የእጅ ወፍጮ፣ ከዚያ ማጥለያ፣ ከዚያ ስኒ። የሰኞውም የሐሙሱም ቡና አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዛ የምተማመንበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ታዲያ በብርዱ ወራት ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት። ስትነሣ ሁሉ ነገሯ ደህና ነበር፤ ቡናው ግን ታመመ። አመድ የሚል ምሬት፣ ከሥሩ ደግሞ ያልበሰለ ነገር ኮምጣጣነት። አንዱ ስኒ ከሌላው አይገናኝም። የመጀመሪያ ቀን አፌን ልከፍት ስል ምላሴን ነከስኩ።

ይኼ የኔ ባሕርይ አይደለም። ሾርባው ጨው ካነሰው ጨው አነሰው የምል ሰው ነኝ። ግን የስፌት መኪናውን ነገር አልረሳሁም። አንድ ጊዜ ልጃችን እናቷ የሰፋችላት ቀሚስ ጠርዙ ጠመመ ብላ ሳቀች። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ጠርዙን አየችው። ከሰዓት በኋላ መኪናውን ለጎረቤት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ መርፌ በእጇ አልነካችም፤ ያ ጥግ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሰዎች ጥቂት ጥቂት እያሉ ሥራ ይተዋሉ፤ የኔዋ ግን አንዴ ከጣለችው ጣለችው ነው። መጥበሻውንም እንዲሁ ብትጥለውስ? ቡና መቁላት ካቆመችስ ምን ይተርፋታል?

ስለዚህ በተንኮል ገባሁበት። የወፍጮውን ቡሎን እሷ ሳታየኝ ትንሽ አላላሁት። ፍጩ ሻከር ሲል ውሃው ምሬቱን ብዙም ሳያወጣው ያልፋል ብዬ ነው። በማግስቱ እውነትም ምሬቱ ቀነሰ፤ በራሴ ኮራሁ። ግን ቡናው ውሃ ውሃ፣ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይል ጀመር። ይባስ ብሎ ቀጥሎ የተቆላው ከበፊቱ ጠቆረ። ቡሎኑን እንደገና አላላሁ። ደግሞ ጠቆረ። በመጨረሻ ከወፍጮው የሚወጣው ነገር ጠጠር መስሎ ነበር፤ እኔም «እጅሽ ይባረክ» እያልኩ እጠጣዋለሁ።

አንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋና ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ። የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ ካልሠራ እኔም አልሠራም። የሕንጻችንን ደረጃ ስወጣ ጭስ ሸተተኝ። የማን ቤት ነው እያልኩ ወጣሁ፤ የኔ ቤት ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ወጥ ቤቱ ታፍኗል። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ የጋዝ ምድጃው ጋ ቆማለች። መጥበሻው እስከ አፉ ሞልቷል፤ እሳቱ የመጨረሻው ላይ ነው። እኛ ሳንመጣ ለመጨረስ ስትል የሳምንቱን ባንዴ ልትቆላ ነው። ከታች ያለው ከሰል ሆኗል፤ ከላይ ያለው ገና ቢጫ ነው። እሷ ግን አንዲት ፍሬ በጣቶቿ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረች ታያታለች፤ በእርጋታ። ሳል እንኳን አላላትም።

ኮቴዬን ሰምታ ዞር አለች። ደነገጠች፤ ግን ቶሎ ፊቷን አስተካከለች።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለችኝ።

ምድጃውን አጠፋሁት፤ መስኮቱን ከፈትኩት። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ከጉንፋኑ ወዲህ» አለች። «ሳሙናም አይሸተኝ፣ ሽንኩርትም አይሸተኝ። ይመለሳል እያልኩ ነው። ምላሴ ላይ ምሬትና ኮምጣጣ ብቻ ነው የሚታወቀኝ። ሰሞኑን ደግሞ ምሬቱም ጠፋ። አልበሰለም ማለት ነው ብዬ ጨመር አድርጌ ቆላሁ። ደግሞ ኮመጠጠኝ። ደግሞ ጨመርኩ።»

እዚያ ላይ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ስለ ቡሎኑ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ወፍጮውን አንስታ ቡሎኑን በጣቷ ስታዞረው ዞሮ ዞሮ አያልቅም። «አንተ ሰውዬ» አለች።

ይኼን ስንባባል ሚጢጢ ገባች። ሚጢጢ የምንላት ፋርማሲ የምትሠራዋን ልጃችንን ነው፤ ስሙ የወጣላት በጨቅላነቷ ነው እንጂ አሁን ከኔ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች። ጭሱን አየች፣ ወፍጮውን አየች፣ እናቷን አየችና እንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ከጠርሙሱ ጥቋቁሩን እየለቀምኩ እጥለው ነበር» አለች።

ለካ የሚቀረው ያልበሰለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ ጠጠር አድርጌ አስፈጨዋለሁ። ባለቤቴ እኔንም ልጇንም ተራ በተራ አየችን። ሳቋ አመለጣት፤ እኛም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ መጥበሻውን ባዶ አድርጋ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ከቁምሳጥኑ በላይ አስቀመጠችው። ያ ነው የፈራሁት።

ከዚያ በኋላ ሚጢጢ ተቆልቶ የታሸገ ቡና እየገዛች ታመጣ ጀመር። ክፉ ቡና አልነበረም። ባለቤቴ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትጠጣና «ጥሩ ነው» ትላለች። ስኒዋን ራሷ አታነሣም፤ ተቀድቶ ሲሰጣት ብቻ ትቀበላለች። እኔ አዛዧን ነው ያገባሁት፤ ይቺን ጨዋ ሴትዮ አላውቃትም። በገዛ ቤቴ ናፈቀችኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ማልቀስ አማረኝ።

በእረፍቴ ቀን መጥበሻውን አወረድኩ። «እኔ እቆላለሁ» አልኩ።

«ይቅናህ» አለችና ሳሎን ገብታ ተቀመጠች።

ስታደርግ እንዳየሁት አደረግኩ። ለቀምኩ፤ ደቃቁን ለየሁ፤ ከትልልቁ አንድ ንጣፍ ብቻ ጨመርኩ። አማሰልኩ፣ አማሰልኩ። ሳር ሸተተኝ። ፍሬው ቢጫ ሆነና ዳቦ ሸተተኝ። አፍንጫዬ ደህና ነው፤ ምን ይቸግረኛል ብዬ ማማሰሌን ቀጠልኩ። ቡናማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን መቼ እንደማነሣ አላውቅም። ሽታው ደስ ይላል፤ ግን ይኼኛው ነው ወይስ የሚቀጥለው? አንዴ ልክ ነው እላለሁ፣ አንዴ ገና ነው እላለሁ።

«አንተ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። «አሳንሰው እሳቱን! መንጣጣት ጀምሯል እኮ!»

«ምኑ?»

በሩ ላይ ብቅ አለች። «ይኸው ይንጣጣል። ቷ ቷ ሲል አትሰማም እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ መጥበሻው አስጠጋሁ። ሙቀቱ ጉንጬን ለበለበኝ እንጂ ምንም አልሰማሁም።

የሱቄ ማሽን ጩኸት ቀጫጭኑን ድምፅ ከበላብኝ ቆይቷል። የስልኬ ጥሪ አይሰማኝም፤ ደንበኛ በለሆሳስ ሲያናግረኝ ከንፈሩን አይቼ ነው ራሴን የምነቀንቀው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እሷ አየችኝ፤ ቆይታ አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ማንኪያውን ከእጄ ነጥቃ ማማሰል ጀመረች፤ ቡናው ጊዜ አይሰጥማ። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ እስከዚያን ቀን በአፍንጫዋ እንጂ በጆሮዋ ቆልታ አታውቅም። «በዛ… አሁንም አለ… ቀስ እያለ ነው… አሁን አለፈ። ምን ይሸታል?»

«ዳቦው ጠፍቷል። ጣፋጭ ነገር ነው።»

«ጭስ አለበት?»

«የለም።»

«ቅባት አውጥቷል?»

«አላወጣም፤ ደረቅ ነው።»

«አውጣው!»

ትሪው ላይ ገለበጥኩት። ካርቶኑን አንስታ ማራገብ ጀመረች፤ እኔ ከሥሯ ፍሬውን በእጄ በተንኩት። አንድ ዓይነት ቀለም ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር። አንዷን ሰበርኩና ውስጧን አሳየኋት፤ ውስጧም እንደ ላይዋ ነው። ደቃቁን ለብቻው በሌላ ዙር ቆላነው፤ እሱ ቶሎ ስለሚደርስ እሳቱን ቀነስ አድርጋ ነው ያስቆላችኝ። በዚህም ዙር ተጨቃጨቅን። «ማማሰል አታቋርጥ» ስትለኝ «አላቋረጥኩም» እላለሁ፤ «ሰምቼሃለሁ፣ አቋርጠሃል» ትላለች። አዛዧ ተመልሳ ነበር፤ ጨረቃ ላይ የወጣሁ ያህል ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የወፍጮውን ቡሎን አጠበቅኩ፤ እሷ ደግሞ በጣቶቿ ፍጩን እየዳበሰች «ገና… ትንሽ… በቃ» አለች። እየፈጨሁ ሳለ ተጠግታ ቆመች። ማጥለያው ላይ ውሃውን ራሷ አወረደች፤ ሦስታችንም ስኒ ስኒያችንን ያዝን። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን አስቀመጠች።

«ምሬቱም ኮምጣጣውም ተመጣጥኗል» አለች። «ሌላው አይታወቀኝም። ንገረኝ።»

«ቡና ቡና ይላል» አልኩ።

ሚጢጢ ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ እየጠበቀችኝ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን ዓይኗ ፊቴ ላይ ነበር፤ ስኒውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና እንደገና ሞከርኩ።

«ሚጢጢን ታቅፈን ከሆስፒታል የገባን ዕለት» አልኳት፤ «ተኚ ብልሽ እምቢ ብለሽ የቆላሽው ቡና አለ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ልጅቱ ደረትሽ ላይ ተኝታለች። እኔ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ እንኳን አላውቅም ነበር፤ ፈርቼ ነበር። ስኒውን ስትሰጪኝ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የዚያን ዕለቱ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ጋ አደረገችና አየር በረጅሙ ሳበች፤ ምንም እንደማይሸታት ሦስታችንም እናውቃለን።

«አዎ» አለች። «እሱ ነው።»